የሚያጉረመርመው ፓምፕ እና የወርክሾፑ ቁልፍ

ሰፈሩ ሁሉ «ቆጣሪዋ» ይላታል። ቅጽል ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው። ሞተር ጠቅላይ ናት፤ የተቃጠለ ሞተር ሆዱን ከፍታ የከሰለውን የመዳብ ሽቦ ታወጣና በምትኩ አዲስ ሽቦ እየቆጠረች ትጠቀልላለች። መቶ ሰማንያ ዙር የሚፈልግ መቶ ሰባ ዘጠኝ ቢደረግለት ሌላው ሰው ላያውቅ ይችላል፣ እሷ ግን እንቅልፍ አይወስዳትም። በምትጠቀልልበት ሰዓት ሰላም ያላት ሰው መልስ አያገኝም። ደንበኞች መጀመሪያ ኩራት ይመስላቸው ነበር፤ ሲቆይ ግን ሁሉም ለመዱትና ከበሩ ላይ ቆመው እስክትጨርስ ይጠብቋታል።

ወደዚህ ሙያ የገባችው በጓሮ በር ነው ቢባል ይሻላል። ድሮ ከወርክሾፑ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ሹራብ ትሠራ ነበር። የወርክሾፑ ባለቤት ጋሼ አንድ ቀን ለጉልበታቸው የሱፍ መሸፈኛ ሊያዟት ገብተው፣ እያወራቻቸው፣ እየሳቀችም፣ አንዲት የሹራብ ዐይን እንኳ ሳትስት ስትቆጥር አዩዋት። በሳምንቱ ተመልሰው፣ «ሱፉን ተይውና መዳብ ቁጠሪልኝ» አሏት። እንደ ቀልድ የጀመረችው ነገር ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት ሞላው። በእነዚህ ዓመታት ስንት ሞተር በእጇ እንዳለፈ ማንም አያውቅም፤ ከወርክሾፑ ወጥታ ደንበኛ ቤት ሄዳ የገጠመችው ግን አንድም የለም። ያ የወንዶቹ ሥራ ነበር። «ሴት ልጅ ፓምፕ ሥር ተንበርክካ ቢያዩ ሰዎቹ አያምኑንም» ይሉ ነበር ጋሼ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያመመ ግን ያመመ ነው፣ እሷም ሳትናገረው ዋጥ አድርጋው ኖራለች።

ከዚያ የጋሼ ዐይን ደከመ። መጀመሪያ ቀጭኑን ሽቦ፣ ቀጥሎ ወፍራሙን፣ በመጨረሻም የሰውን ፊት መለየት አቃታቸው። የዛሬ ሁለት ሳምንት የወርክሾፑን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው መዳፏ ላይ አስቀመጡና፣ «ለጊዜው ያዢው፤ እናያለን» አሏት። ይህን ያሉት የወንድማቸው ልጅ ቆሞ እየሰማ ነው። የወንድማቸው ልጅ የገጠማ ሠራተኛ ነው፤ ደንበኛ ቤት እየሄደ ሞተር ይፈታል፣ ይገጥማል። እጁ ፈጣን ስለሆነ «ቶሎ» ይሉታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቶሎ «እትዬ» የሚላት በጥርሱ ነው።

ቁልፉን ከተቀበለች በኋላ የመጀመሪያው ከባድ ሥራ የመጣው ከጤና ጣቢያው ነው። የጤና ጣቢያው ፓምፕ ውሃውን ከምድር ቤት ገንዳ ስቦ ጣሪያ ላይ ወዳለው ታንከር ይገፋል። ይኸው ፓምፕ አንድ ቀን «እምምም» እያለ ከማጉረምረም በቀር መዞር እንቢ አለ። ቶሎ የፓምፑን ቤት፣ ማለትም ከቧንቧው ጋር የታሰረውን የብረት ጎድጓዳ፣ እዚያው ትቶ ሞተሩን ፈትቶ አመጣው። ከሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ኢምፔለሩ፣ ውሃውን የሚገፋው ዙሪያውን ጥርስ ያለው የነሐስ ሽክርክሪት፣ እንዳለ ነበር።

ቆጣሪዋ መጀመሪያ ያደረገችው ኤሌክትሪክ ሳታገናኝ በጣቷ ማዞር ነው። ዘንጉ እንደ ቅቤ ዞረ።

«እዚያም እያለ አዙረኸው ነበር?» አለችው።

«አዙሬዋለሁ እትዬ። ነጻ ነው።»

የዘንጉ ነጻ መሆን ብዙ ነገር ይናገራል። እንዲህ ያለ የቤት መብራት የሚበላ ሞተር ራሱን ችሎ አይነሳም፤ ከጀርባው የሚያስነሳው ካፓሲተር የሚባል ጣሳ መሰል ነገር አለው። ካፓሲተሩ ከደከመ ሞተሩ ወዴት እንደሚዞር ግራ ይገባውና ቆሞ ያጉረመርማል። ሞተሩን ለአፍታ አገናኝታ ዘንጉን በእንጨት ገፋ ስታደርገው ተነስቶ ሮጠ። አጥፍታ በተቃራኒው ስትገፋውም በተቃራኒው ሮጠ። ካፓሲተሩን ፈትታ ስትለካው ሃያ ተብሎ የተጻፈበት ስድስት እንኳ አልሞላም። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ለካች፤ አልተቃጠሉም፣ ከብረቱም አልተነካኩም። አዲስ ካፓሲተር ገጠመችለት፤ ሞተሩም ሳይገፋ፣ ሳይለመን፣ በአንዴ ተነሳ። ጋሼ ቤታቸው ሆነው ድምፁን በስልክ ሰሙና «እሰይ» አሉ።

ሞተሩን ስታስረክብ፣ ከፓምፑ ቤት ጋር በሚጋጠምበት ፊት ላይ ተቀዳዶ የቀረውን የድሮ ጋስኬት በቢላ ፋቀችው። ጋስኬት ማለት በሁለት ብረት መካከል ገብቶ ውሃ እንዳያፈስ የሚያደርግ ወረቀት ነው። ቁራጮቹን በፖስታ አድርጋ ለቶሎ ሰጠችውና፣ «ይህንን አስመስለህ ቁረጥና ግጠመው» አለችው። ከዚህ ሌላ የነገረችው ነገር የለም።

በማግስቱ ጠዋት ገና በሩን ሳትከፍት ስልኳ ጮኸ። ጋሼ ናቸው።

«ቶሎ ከጤና ጣቢያው ደወለልኝ። ያ ሞተር ዛሬም ያጉረመርማል አሉ፤ አይዞርም።»

«እንዴት ይሆናል ጋሼ? እርስዎስ ሲሮጥ ሰምተውት የለም?»

«ሰምቻለሁ።» አሉ። «ሂጂና እዪው። ሥራው ሲያልቅ ቁልፉን ይዘሽ ነይ።»

ስልኩ ተዘጋ። ቁልፉን ይዘሽ ነይ። ይህን ሰምቶ ሌላ ትርጉም የሚሰጠው ሰው ካለ እሷ አይደለችም። ሁለት ሳምንት እንኳ በወጉ አንገቷ ላይ አልሞቀም። የሆዷን በሆዷ አድርጋ በሩን ከፈተች፤ ካቻቢቴውን፣ የብሎን መፍቻዎቹን፣ መለኪያውን ሰበሰበችና ወጣች። መንገድ ላይ ያገኛት የዳቦ ቤቱ ሰውዬ «ዛሬ ደግሞ ወዴት ነው?» ሲላት «ልታረቅ» አለችው። ከማን ጋር እንደሆነ ግን ለእሷም አልገባትም።

ጤና ጣቢያው በር ላይ የተቀበለቻት አዋላጇ ሲስተር ናት። በሁለት እጇ ሁለት ባልዲ ይዛለች።

«እርስዎ ነዎት ሞተሩን የሠሩት?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ይስሙኝ። ታንከሩ ባዶ ሊሆን ነው። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሁለት እናቶች አሉኝ፤ አንዷ ሳትወልድ እኩለ ቀን አታልፍም። እጄን የምታጠብበት ውሃ ከታች በባልዲ እያመላለስኩ ነው።» ቁጣዋ ጩኸት አልነበረውም፣ ድካም ነው የነበረው። «ልጁ ሽቦውን አበላሽታዋለች አለኝ። እውነት ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝና ሌላ ሰው ልጥራ።»

«ዐሥር ደቂቃ ይስጡኝ» አለች ቆጣሪዋ። ከዚህ በላይ ለመማል አቅሙም ልማዱም አልነበራትም።

ፓምፑ ያለበት ክፍል በደረጃው ሥር ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባል። ቶሎ እጁን አጣምሮ ግድግዳ ተደግፏል። የጥበቃው ሽማግሌ ደግሞ ትዕይንቱ እንዳያመልጣቸው በር ላይ ተተክለዋል።

«እትዬ፣ አየሽ አይደል?» አለ ቶሎ። «መጠቅለል ነበረበት። አንቺ በካፓሲተር ብቻ ለቀቅሽው። ወይም ካፓሲተሩ ራሱ አሮጌ ነው።»

«አስነሳውና ልስማው። ወዲያው ደግሞ አጥፋው፤ ቆሞ ሲያጉረመርም ሽቦው ይቃጠላል።»

አብርቶ አጠፋው። እምምም። ያው ድምፅ፣ ያው ማጉረምረም፤ ትናንት ከነካፓሲተሩ የጣለችው ድምፅ ተመልሶ የመጣ ይመስላል። ለአንዲት ደቂቃ ያህል ራሷን ተጠራጠረች፦ ሳልለካው የቀረ ሽቦ አለ? ያላየሁት አለ? አሥራ ስድስት ዓመት ስትቆጥር የኖረች ሴት መጠራጠርንም ታውቅበታለች፤ ነገሩን ከአንድ እንደገና ጀመረችው።

መብራቱን ከዋናው አስጠፋች። የካፓሲተሩን ክዳን ከፍታ ሁለቱን ጫፎች በትንሽ አምፖል አገናኝታ በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ አፈሰሰች፤ ከዚያ ወዲያ ነው እጇን ያስገባችው። ለካችው። ሃያ። ካፓሲተሩ ደህና ነው።

«መለኪያው ይዋሻል» አለ ቶሎ።

«እሺ፣ ያንተን አምጣ።»

ከቦርሳው ገና ከካርቶኑ ያልወጣ ካፓሲተር አውጥቶ ሰጣት። መጠኑ ያው ሃያ ነው። በእጁ ገጠመው፣ በእጁ አበራው። እምምም። በእጁ አጠፋው። ሽማግሌው ጥበቃ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ቶሎ ግን እጅ የሚሰጥ ዓይነት አይደለም፦ «በቃ፣ የተቃጠለው ሽቦው ነው ማለት ነዋ።»

ቆጣሪዋ መብራቱን አስጠፍታ፣ በካፓሲተሩ የቀረውን ኤሌክትሪክ እንደገና አፍስሳ፣ ከሞተሩ ጀርባ ያለውን የማቀዝቀዣ ክዳን ፈታች። ዘንጉ ጫፍ ላይ ለካቻቢቴ የተሠራች ጭረት አለች። ካቻቢቴዋን አስገብታ አዞረች። ዘንጉ ንቅንቅ አላለም።

ትናንት እንደ ቅቤ የዞረው ዘንግ።

ያን ጊዜ ነው ደረቷ ውስጥ የታሰረው ነገር የተፈታው። የተቃጠለ ሽቦ ዘንግ አያስርም። የደከመ ካፓሲተርም ዘንግ አያስርም። ዘንጉን በእጅ ማዞር ካልተቻለ የያዘው ብረት ነው፤ መብራት ቢሰጡት፣ ካፓሲተር ቢቀያይሩለት ያው ቆሞ ከማጉረምረም በቀር ምን ያድርግ። ድምፁ አንድ ነው፣ በሽታው ግን ሌላ ነው።

«ና እዚህ» አለችው ቶሎን። «ካቻቢቴውን ያዝና አዙረው።»

ሞከረ። ደሙ ፊቱ ላይ እስኪወጣ ሞከረ።

«ኩሽኔታው ነው» አለ ወዲያው። እውነትም ሞኝ አይደለም፤ ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ከተበላሸ እንዲህ ሊይዝ ይችላል።

«ሊሆን ይችላል። አሁን እናየዋለን። ካቻቢቴውን አትልቀቀው።»

ሞተሩን ከፓምፑ ቤት ጋር ያሰሩት ብሎኖች አራት ናቸው። የብሎን መፍቻዋን አስገብታ እያንዳንዱን ግማሽ ዙር ብቻ ላላ አደረገችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«አዙር።»

ዘንጉ ዞረ። ቶሎ ካቻቢቴውን አየው፣ እጁን አየ፣ እሷን አየ። እሷ ብሎኖቹን መልሳ አጠበቀች።

«አዙር።»

ታሰረ። ላላ አደረገች፤ ዞረ። አጠበቀች፤ ታሰረ። ሽማግሌው ጥበቃ ከበሩ ላይ፣ «ይኼማ ገበናው ብሎኑ ላይ ነው» አሉ፤ ማንም ሳይጋብዛቸው ገብተው ባትሪ ያበሩላት ጀመር። ኩሽኔታ ቢሆን ኖሮ ብሎን ላላ አለ ጠበቀ ግድ አይሰጠውም ነበር።

ብሎኖቹን ጨርሳ ፈትታ ሞተሩን ወደ ኋላ ሳበችው። የፓምፑ ቤት ውስጠኛ ፊት ላይ ኢምፔለሩ የታከከበት፣ አዲስ የተወለወለ የመሰለ ክብ መስመር ያበራል። በመካከል ያለው የቶሎ ጋስኬት ደግሞ በጣም ያምራል፤ ቀዳዳው፣ ክቡ፣ ጠርዙ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጣቷን አሳልፋ ዳሰሰችው።

«ያ የሰጠሁህ ፖስታ የት አለ?»

ከቦርሳው አወጣው። የድሮውን ቁራጭ በአንድ እጇ፣ አዲሱን በሌላው ይዛ ዐይኗን ጨፈነች። የሱፍ ክር ውፍረት በጣት ለይቶ ያደገ እጅ ለዚህ አያንስም። ድሮው ወፍራም ነው፤ አዲሱ የእሱን ግማሽ ያህላል። በዚህ ዓይነት ፓምፕ ኢምፔለሩና የቤቱ ግድግዳ የሚራራቁት በወረቀት ውፍረት ነው። ወረቀቱ ሲሳሳ ብሎኑ ሲጠብቅ ግድግዳው ኢምፔለሩን እቅፍ አድርጎ ይይዘዋል።

ቶሎም ዳሰሰው። ብዙ ጊዜ ዳሰሰው። «ቅርጹን ነው ያስመሰልኩት» አለ በመጨረሻ ዝግ ብሎ።

በዚያ ሰዓት ብትፈልግ ኖሮ መድረኩ የእሷ ነበር፤ ሽማግሌው ምስክር፣ ሲስተርም ባልዲዋን ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ቆጣሪዋ ግን በቁጥር አትዋሽም።

«እኔም ውፍረቱን አልነገርኩህም። ግማሹ የኔ ነው። ወረቀት ተርፎሃል?»

ተርፎታል። «ሁለት ቁረጥ፣ ልክ እንደዚህ አሳምረህ» አለችው። «ሦስት እንዳታደርገው፤ በጣም ከተራራቀ ይዞራል እንጂ ውሃ አይገፋም።» ቶሎ መሬት ላይ ተቀምጦ ቆረጠ። እሷ በጣሪያው ዝቅታ ሥር ተንበርክካ የታከከውን ፊት በጨርቅ አጸዳች። ሁለቱን ወረቀት ደርባ ከድሮው ቁራጭ ጋር ለካች፤ ጣቷ ልዩነት አጣበት። ሞተሩን አስጠጉ። ብሎኖቹን በመስቀል፣ አንዱን ከዚህ ሌላውን ከዚያ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረገች አጠበቀች፤ በያንዳንዱ መካከል ቶሎ ዘንጉን ያዞራል። ዞረ። ዞረ። እስከ መጨረሻው ጠብቆም ዞረ።

«አሁን ላብራው?»

«ደረቁን? ውሃ አጠጣው እንጂ መጀመሪያ።»

ሲስተር ሳትጠየቅ አንዱን ባልዲ አቀበለች። የፓምፑን ቤት እስኪሞላ አጠጥተው ክዳኑን ዘጉ፤ የማቀዝቀዣውን ክዳን መለሱ። ካፓሲተሩን ቆጣሪዋ ቀየረችው፤ የቶሎን አዲሱን አውልቃ የራሷን፣ የታማውን፣ መልሳ ገጠመች።

«አብራ።»

ማጉረምረም የለም። ሞተሩ ገና ሲነካ ተነስቶ ሮጠ። የግፊት መለኪያው ቀስት ወደ ላይ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ከሩቅ፣ ከጣሪያው፣ ውሃ ባዶ ታንከር ውስጥ ሲወድቅ ተሰማ። ቆጣሪዋ ደስ አላት። እንዲህ ከእግር እስከ ራስ የሚወርር ደስታ ልጅ ሳለች ነው የቀራት። ሽማግሌው ጥበቃ ራሳቸው የሠሩት ይመስል ከሰው ሁሉ ጋር ይጨባበጣሉ። ሲስተር ባልዲዎቹን እዚያው ጥላ ደረጃውን ስትወጣ ዞር ብላ፣ «የሚቀጥለውም ሲበላሽ እርስዎን ነው የምጠራው፤ እርስዎን ራስዎን» አለቻት።

ቶሎ ስልኩን አወጣ። ጋሼ ጋ ነው የደወለው፤ እሷ እየሰማች። «ሞተሩ ደህና ነበር። ጋስኬቱን አሳስቼ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለ። ይህን ለማለት የወሰደበት ጊዜ ሕይወቱን ሙሉ ካደረገው ነገር ሁሉ የዘገየው ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ሁለቱም ጋሼ ቤት ሄዱ። ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቆጣሪዋ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ዘረጋችላቸው።

«ይኸው ጋሼ፣ እንዳሉኝ ይዤ መጥቻለሁ።»

ጋሼ በእጃቸው ዳስሰው ምን እንደሆነ ለዩት። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? የቁልፉን ቀዳዳ የማገኘው እኔ ነኝ?» መዳፏን መልሰው ዘጉባት። «ይዘሽው ነይ ያልኩሽ ወርክሾፕ እንድትወስጂኝ ነው። ሁለት ሳምንት ቤት ተቀምጬ ጀርባዬን ሳክክ ሰለቸኝ።»

እሷ በቀኝ፣ ቶሎ በግራ ደግፈዋቸው ሄዱ። ቆጣሪዋ በሩን ከፈተች። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ከፊት ወዳለው ወደ ትልቁ ወንበር፣ ሞተር ወደሚፈተሽበት ጠረጴዛ የሚሄዱ መስሏት መንገድ ለቀቀች። እሳቸው ግን ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ጥጉ አለፉ፤ አሥራ ስድስት ዓመት እሷ የተቀመጠችባትን በርጩማ አገኟትና ተቀመጡባት። የሽቦ መጠቅለያውን እጀታ በእጃቸው ፈልገው ያዙ።

«አንቺ ከፊት ሆነሽ ፈትሺ፤ ቶሎም አብሮሽ ይሁን፣ ይማር» አሉ። «መቁጠሩን ለእኔ ተይልኝ። ለመቁጠር ዐይን አያስፈልግም። የዛሬው ሞተር ስንት ዙር ነው የሚፈልገው?»

ቆጣሪዋ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«መቶ ሰማንያ» አለች።

ጋሼ እጀታውን ማዞር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ በሩ ላይ ቆሞ ሰላም ያላቸው ሰው መልስ አላገኘም።